ባዶ ሳጥን «አይ» ማለት ነው? ስካን የተደረገ መጠይቅ ወደ አዎ እና አይ ዓምድ ሲለወጥ

ሁለት መቶ ሰው በእስክሪብቶ የሞላው መጠይቅ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል እንበል። እያንዳንዱ ገጽ ምስል ነው። ኮምፒውተሩ ስለ ገጹ የሚያውቀው የትኛው ነጥብ ምን ያህል እንደነጣ ወይም እንደጠቆረ ብቻ ነው። የሚፈለገው ግን ሠንጠረዥ ነው፦ አንድ ረድፍ ለአንድ ቅጽ፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ጥያቄ፣ በየሕዋሱ ውስጥም አዎ ወይም አይ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያስቃል። ባዶው ሳጥን አንዳንዴ ዜሮ፣ አንዳንዴ ቅንፍ ሆኖ ይወጣል፤ ራይት የተደረገበት ደግሞ የላቲን ቪ ወይም እዝባር ይሆናል፣ አለዚያም ጭራሹን ይጠፋል። ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። የተሠራው ፊደል ለመፈለግ ነው፤ ሳጥን ላይ የተጫረ መስመር ፊደል አይደለም።

ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የሚቀርበው ጥያቄ መለወጥ አለበት። «እዚህ ምን ተጽፏል?» ከማለት «ከገጹ በዚህች ቦታ ላይ ምን ያህል ቀለም አለ?» ማለት ይሻላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው 805 የተባለ የፈተና ማረሚያ ማሽን በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ልዩነቱ ቀለሙን በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሪክ መለካቱ ነው። የእርሳስ ጭረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ማሽኑም በምልክቱ ላይ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካ ነበር። ዛሬ የምንለካው የፒክስል ጥቁረት ነው።

ልኬቱ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ባዶ ሆኖ የተገኘ ሳጥን ምን ማለት እንደሆነ መወሰን። ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ ላይ እንያቸው።

ምሳሌው

ቅጹ ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም የሚጠይቅ ነው። 4ኛው ጥያቄ «ባለፉት ሦስት ወራት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደዋል?» ይላል፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። 5ኛው «ሄደው ከሆነ ለምን ነበር? የሚመለከትዎት ላይ ሁሉ ምልክት ያድርጉ» ይልና አራት ምርጫ ይሰጣል፦ መጽሐፍ ለመዋስ፣ እዚያው ለማንበብ፣ ኮምፒውተር ለመጠቀም፣ ለስብሰባ። በአንድ ቅጽ ስድስት ሳጥን፣ በሁለት መቶ ቅጽ 1,200 ሳጥን ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሳጥን ጎን 4 ሚሊሜትር ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፤ ባሕርያቸው ግን የተለያየ ነው። 4ኛው «አይ» የሚባልበት የራሱ ሳጥን አለው። 5ኛው ላይ «አይ» የሚባለው ምልክት ባለማድረግ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደኋላ ዋናው ጉዳይ እርሱ ይሆናል።

ሳጥኑን ማግኘት

ስካኑ በግራጫ ደረጃ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢደረግ በቂ ነው። በዚህ ልክ 4 ሚሊሜትር 47 ፒክስል ይሆናል። «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን የስካነር ምርጫ ግን ተዉት። እርሱ ሲመረጥ የትኛው ነጥብ ጥቁር፣ የትኛው ነጭ እንደሆነ የሚወስነው ስካነሩ ራሱ ነው፤ በእርሳስ የተደረገች ቀጭን ራይት ያኔ ከጠፋች በኋላ የሚመልሳት የለም። ፋይሉም በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ጄፔግ በመስመሮች ዙሪያ የሚረጨው ግራጫ ጉድፍ ለዓይን ባይታይም ለልኬት ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተካከል ነው። ወረቀት ስካነር ውስጥ ሲገባ ትንሽ መዝመሙ አይቀርም። አንድ ዲግሪ ብቻ ያዘመመ ኤፎር ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሲደርስ 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ ከሳጥናችን ስፋት ይበልጣል፤ የገጹ ግርጌ ላይ «አዎ»ን ፈልገን የሄድንበት ቦታ ባዶ ወረቀት ወይም ሌላ ሳጥን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱን እየሳበ የሚያስገባ ስካነር በትንሹ ይስበዋል ወይም ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ገጹን ማሽከርከር ብቻውን አይበቃም።

መፍትሔው ቅጹ ከመታተሙ በፊት በአራቱ ማዕዘን ላይ ትንንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ማኖር ነው። ፕሮግራሙ በየገጹ አራቱን ይፈልጋል፣ መሃላቸውን ይለያል፣ ከዚያም ገጹን ባልተሞላው ናሙና ቅጽ ላይ ልክ እስኪገጥም ይጎትተዋል። ኦፕንሲቪ በሚባለው የፓይተን የምስል ማቀናበሪያ መሣሪያ ይህን የሚሠሩት `cv2.getPerspectiveTransform` እና `cv2.warpPerspective` ናቸው። ከዚያ በኋላ የስድስቱ ሳጥኖች አድራሻ ከባዶው ናሙና ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይለካና ለሁለት መቶውም ቅጽ ያገለግላል። ቅጹ የማዕዘን ምልክት ሳይኖረው ታትሞ ከሆነ የታተሙትን መስመሮች መጠቀም ይቻላል፤ ይሠራል፣ ግን የበለጠ ድካም አለው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ወረቀቱ ጎብጦ ከተነሳ አራቱ ማዕዘኖች ቢገጥሙም መሃሉ አይገጥምም።

ቀለሙን መለካት

ገጹ ከገጠመ በኋላ ያለው ሥራ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነው፦

```python
gray = cv2.imread("form_017.png", cv2.IMREAD_GRAYSCALE)
box = gray[y+6:y+41, x+6:x+41]
ratio = (box < 160).mean()
```

`x` እና `y` ከናሙናው ላይ የለካነው የሳጥኑ የላይኛው ግራ ጥግ አድራሻ ናቸው። በግራጫ ምስል ውስጥ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹሕ ነጭ ነው። ከሳጥኑ ጠርዝ ስድስት ስድስት ፒክስል ወደ ውስጥ ገብተን 35 በ35 የሆነችውን መሃል እንወስዳለን፤ ይህም 1,225 ፒክስል ነው። ወደ ውስጥ የምንገባው የታተመው የሳጥን መስመር ራሱ ጥቁር ስለሆነ ነው፤ እርሱን የሰው ምልክት ብለን እንዳንቆጥረው። ከዚያ ከ160 በታች የሆኑት ፒክስሎች ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆኑ እንቆጥራለን። ይህን ቁጥር የቀለም ድርሻ እንበለው።

ምን ያህል እንጠብቅ? የእስክሪብቶ መስመር ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 6 ፒክስል ነው። ራይቷ በሳጥኑ ውስጥ 40 ፒክስል ያህል ብትረዝም 240 ፒክስል ታጠቁራለች፤ ይህም 20 በመቶ ያህል ነው። ግማሿ ከሳጥኑ የወጣች አጭር ራይት 8 በመቶ ላይ ልትቀር ትችላለች። ሙሉ በሙሉ የተቀባ ሳጥን ወደ መቶ ይጠጋል። ባዶ ሳጥን ደግሞ በወረቀቱ ጉድፍና በስካነሩ አቧራ ምክንያት ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ያሳያል። አንድ ሰው በጠቅላላው ሳጥን ውስጥ «ከግማሽ በላይ ከጠቆረ አዎ ነው» ብሎ ቢያዝ ራይቶቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያጣቸዋል፤ ይህ ስሕተት ቅጹ የፈተና መልስ ወረቀት ይመስል ሰዎች ክቡን ሞልተው እንደሚያጠቁሩ ከማሰብ ይመጣል። መጠይቅ የሚሞላ ሰው ጫር አድርጎ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጥቁርና የነጭ ድንበሩን (ከላይ 160 ያልነውን) ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው የታወቀ ዘዴ አለ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ በየሳጥኑ ለየብቻ ከተተገበረ ግን ያሳስታል። ባዶ ሳጥን ሲሰጠው ሁለት ነገር መኖሩን አምኖ ስለሚጀምር የወረቀቱን ነጭ ራሱ «ጥቁር» እና «ነጭ» ብሎ ይከፍለዋል፤ ያን ጊዜ ምንም ያልተነካ ሳጥን ግማሽ ያህሉ ቀለም እንዳለበት ይነግራችኋል። ድንበሩ ለሁሉም ሳጥን አንድ ይሁን፤ ከተሞሉት ቅጾች መካከል ደብዛዛ እርሳስ ያለባቸውን መርጣችሁ እነርሱ የማይጠፉበትን ቁጥር ውሰዱ።

ሌላው በልኬት ደረጃ የሚያጋጥም ችግር የራሱ ፊርማ አለው። ገጹ በስድስት ፒክስል፣ ማለትም በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ሳይገጥም ቀረ እንበል። የሳጥኑ መስመር ውፍረት አራት ፒክስል ቢሆን፣ አንዱ ጎን ተንሸራቶ ወደምንለካበት ቦታ ይገባል፤ አራት ጊዜ 35 ማለትም 140 ፒክስል ይጨምራል። ይህ 11 በመቶ ነው፤ ልክ የደካማ ራይትን ያህል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ያሉት ባዶ ሳጥኖች ሁሉ ተመሳሳይ የሆነ፣ ከአሥር በመቶ አካባቢ የማይርቅ ቁጥር ካሳዩ ሰውየው ስድስቱንም ጫር ጫር አድርጎ አይደለም። ገጹ አልገጠመም። ቁጥሩን ከመመርመር በፊት ገጹን መልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል።

አንድ ድንበር አይበቃም

የ1,200ውን ሳጥን የቀለም ድርሻ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ፣ በየመጠኑ ስንት ሳጥን እንዳለ በግራፍ ማየት ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባ ነው። ጤናማ ሥራ ከሆነ ሁለት ጉብታ ይታያል፦ አንዱ ከዜሮ አጠገብ የተከመረ የባዶዎቹ፣ ሌላው ከአሥራ ምናምን በመቶ ጀምሮ የተዘረጋ የምልክቶቹ። በመካከላቸው ቀጭን ሸለቆ አለ። ጀማሪ ሸለቆው መሃል አንድ መስመር አስምሮ «ከዚህ በላይ አዎ፣ ከዚህ በታች አይ» ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ ሁለት መስመር እመርጣለሁ፦

```python
def mark(r):
    if r < 0.04: return 0
    if r > 0.12: return 1
    return None
```

ከ4 በመቶ በታች ባዶ ነው፤ ከ12 በመቶ በላይ ምልክት አለበት፤ በመካከል ያለው ግን ለሰው ዓይን ይተዋል። ቁጥሮቹ ከእናንተው ግራፍ የሚወሰዱ ናቸው፤ የሌላ ሰው 4 እና 12 ለእናንተ ቅጽ ላይሠራ ይችላል። በሸለቆው ውስጥ የወደቁት ሳጥኖች አርባ ቢሆኑ አርባዎቹን ትንንሽ ምስሎች ቆርጦ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መደርደርና ማየት ነው። ዓይን ደካማ ራይትን ከጉድፍ የሚለየው በቅጽበት ነው፤ ሥራው ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። በዚያው አጋጣሚ ከሁለቱ መስመሮች ውጭ፣ ልክ አጠገባቸው ያሉትንም ጥቂት ሳጥኖች ማየት ጥሩ ነው፤ 3.8 በመቶ ላይ እውነተኛ ራይት ካገኛችሁ የታችኛው መስመር ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ለሰው ዓይን ከሚደርሱት መካከል ተደጋግሞ የሚመጣው የጭራ ጉዳይ ነው። ሰው ራይት ሲያደርግ ጭራዋን ወደ ላይ ይስባትና ከላይ ያለው ሳጥን ጥግ ውስጥ ትገባለች። 5ኛው ጥያቄ ላይ «እዚያው ለማንበብ» 24 በመቶ፣ ከበላዩ ያለው «መጽሐፍ ለመዋስ» 6 በመቶ ካሳየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ምስሉን ሲያዩት ያለ ጥርጥር ይታወቃል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ግን አያውቀውም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሳጥኑን ትቶ «አዎ» የሚለውን ቃል የሚያከብብ ሰው አይጠፋም። የሳጥኑ ውስጥ ባዶ ስለሆነ ማሽኑ በሙሉ እምነት «ባዶ» ይላል፤ በሸለቆው ውስጥ እንኳ አይወድቅም። ይህን ለመያዝ ከሳጥኑና ከቃሉ ዙሪያ ሰፋ ያለ ቦታ ወስዶ፣ ያንኑ ቦታ በባዶው ናሙና ላይ ካለው ቀለም ጋር ማወዳደር ነው። የታተመው ጽሑፍ በሁለቱም ላይ ስላለ ይቀናነሳል፤ የሚተርፈው ሰው የጨመረው ነው። የጥያቄው ሳጥኖች ሁሉ ባዶ ሆነው በዙሪያቸው ግን የተጨመረ ቀለም ካለ፣ ያ ቅጽ ለዓይን ይቅረብ።

ከሳጥን ወደ መልስ

እስካሁን የለካነው ሳጥን ነው። ሳጥን ግን መልስ አይደለም። 4ኛውን ጥያቄ ብንወስድ ሁለት ሳጥኖቹ አራት ሁኔታ ይሰጣሉ፦ አዎ ብቻ፣ አይ ብቻ፣ ሁለቱም፣ አንዳቸውም። ከአራቱ ንጹሕ መልስ የሆኑት ሁለቱ ናቸው። ዓምዱ ግን ለአራቱም ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ማየት ይቻላል። ከሁለት መቶው ቅጽ 90ው አዎ ብቻ፣ 70ው አይ ብቻ፣ 30ው ባዶ፣ 10ሩ ደግሞ ሁለቱም ላይ ምልክት ያለበት ነው እንበል። አንዱ ባለሙያ «አዎ ብቻ ያልሆነ ሁሉ አይ ነው» ብሎ ሠራ፤ 90 ለ200፣ 45 በመቶው ሄደዋል አለ። ሌላው የ«አዎ»ን ሳጥን ብቻ አይቶ ምልክት ካለበት አዎ አለ፤ አሥሩም ተጨመሩለትና 50 በመቶ አገኘ። ሦስተኛው ግልጽ መልስ የሰጡትን 160 ሰዎች ብቻ ቆጥሮ 56 በመቶ ደረሰ። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ስካነሩ አንድ ነው፣ ሦስቱም ሳጥኖቹን ያለ ስሕተት አንብበዋል። ሦስተኛውም ቢሆን ያልመለሱት ሰዎች ከመለሱት ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ገምቷል፤ ሆኖም ቢያንስ 40 ሰው እንደጎደለ በፋይሉ ላይ ይታያል። በሁለቱ ፋይሎች ግን ጉድለቱ በ«አይ» ወይም በ«አዎ» ተሸፍኖ ጠፍቷል፤ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

5ኛው ጥያቄ ይበልጥ ይወሳሰባል። እዚህ እያንዳንዱ ምርጫ የራሱ ዓምድ ያገኛል፤ አራት ምርጫ፣ አራት ዓምድ። በኮማ የተለያዩ ምርጫዎችን በአንድ ሕዋስ ውስጥ ማጨቅ ለመቁጠር አይመችም። ታዲያ ባዶው ሳጥን መቼ ነው «አይ» የሚሆነው? መልሱ ከጎረቤቶቹ ይገኛል። ሰውየው ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ላይ ምልክት ካደረገ ጥያቄውን አንብቦታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ባዶ የተዋቸው በእርግጥ «አይ» ናቸው። አራቱም ባዶ ከሆኑ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። 4ኛው ላይ «አይ» ብሎ ከሆነ 5ኛው አይመለከተውም፤ ማለፉ ትክክል ነው። «አዎ» ብሎ ከሆነ ግን ዝለሉት ሳይባል ዘሎታል፤ ወይም የሄደበት ምክንያት ከአራቱ ውስጥ የለም። ሁለቱን ለመለየት ከስካን በኋላ የሚደረግ ብልሃት የለም። መድኃኒቱ ቅጹ ሲዘጋጅ «ከእነዚህ ውስጥ የለም» የሚል አምስተኛ ሳጥን መጨመር ነበር።

እንግዲህ ዓምዶቹ አዎ እና አይ ይሁኑ ቢባልም የሚጻፉት ኮዶች አምስት ናቸው። 1 አዎ፣ 0 አይ፣ -7 አይመለከተውም፣ -8 ይጋጫል፣ -9 አልመለሰም። አምስት ቅጾች በዚህ መንገድ ሲገቡ ይህን ይመስላሉ፦

```
form_id,q4,q5_borrow,q5_read,q5_pc,q5_meet
017,1,1,0,1,0
018,0,-7,-7,-7,-7
019,1,-9,-9,-9,-9
020,-9,1,0,0,0
021,-8,-7,-7,-7,-7
```

ቅጽ 017 ቀላል ነው፦ «አዎ» 22 በመቶ፣ «አይ» 1 በመቶ፤ ከምክንያቶቹ መዋስ 19፣ ኮምፒውተር 24፣ የቀሩት ከ2 አይበልጡም። 018 አልሄደም፤ ስለዚህ 5ኛው አይመለከተውም። 019 ሄጃለሁ ብሎ ምክንያቱን ትቶታል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ የ5ኛው ጥያቄ ሳጥኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ባዶ ናቸው፤ ኮዳቸው የተለያየው 4ኛው ላይ በተነገረው ምክንያት ነው።

020 አከራካሪ ነው። 4ኛውን ሳይመልስ 5ኛው ላይ «መጽሐፍ ለመዋስ» ላይ ራይት አድርጓል። መጽሐፍ ሊዋስ የሄደ ሰው ሄዷል፤ ስለዚህ 4ኛውን 1 ለማድረግ እጅ ያሳክካል። ግምቱ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም በ`q4` ዓምድ ላይ መደረግ የለበትም። `q4` ወረቀቱ ላይ የታየውን ይያዝ፤ ግምቱ ደግሞ `q4_fixed` በሚባል አዲስ ዓምድ ይግባ። ያን ጊዜ በኋላ የሚመጣ ሰው ከፈለገ ይቀበለዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል።

021 ላይ «አዎ» 31 በመቶ፣ «አይ» 17 በመቶ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ሁለቱም ላይ ቀለም እንዳለ ብቻ ስለሆነ -8 ጻፈ፤ 5ኛው በሙሉ ባዶ ነው፤ ለጊዜው የሰጠነው -7ም በ4ኛው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ምስሉ ሲከፈት «አዎ» ላይ የነበረች ራይት ተደጋግማ ተጭራ ተሰርዛለች፤ «አይ» ላይ ደግሞ አንዲት ንጹሕ ራይት አለች። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል። ትክክለኛው መልስ 0 ነው። ልብ በሉ፦ «ብዙ ቀለም ያለው ያሸንፋል» የሚል ሕግ ብንከተል ኖሮ 1 እናደርገው ነበር፤ የተሰረዘ ምልክት ከትክክለኛው ምልክት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይበልጥ ይጠቁራል። ሁለት ሳጥን ሲጋጭ በቀለም ብዛት መፍረድ ከመገመት ይከፋል። ይህንን አስቀድመው የሚያስቡ ቅጽ አዘጋጆች «ከተሳሳቱ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ አጥቁረው ትክክለኛው ላይ ምልክት ያድርጉ» የሚል መመሪያ ያኖራሉ፤ ያን ጊዜ በሦስተኛ መስመር፣ ለምሳሌ ከ60 በመቶ በላይ የሆነውን ሁሉ «የተሰረዘ» ብሎ ማሽኑ ራሱ ሊለየው ይችላል።

ስለ አሉታዊ ኮዶቹ አንድ ማሳሰቢያ። የኤክሴል `AVERAGE` ቀመር -9 ማለት «አልመለሰም» እንደሆነ አያውቅም፤ ቁጥር መስሎት ይደምረዋል። በዓምዱ ላይ አማካይ ሲወሰድ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ጥቂት ብቻ ሲሆኑ ግን 0.56 የነበረው 0.3 ምናምን ይሆንና እውነት ይመስላል። ከትንተና በፊት -7፣ -8 እና -9 ወደ ባዶ ሕዋስ ይለወጡ፤ በዋናው ፋይል ላይ ግን ይቆዩ።

ልክ መሆኑን ማወቅ

ከሁለት መቶው ሃያ ቅጽ በዕጣ አውጥታችሁ፣ የማሽኑን ውጤት ያላየ ሰው ከወረቀቱ ላይ በእጁ ያስገባቸው። «ያላየ» የሚለው ዋና ነው፤ ውጤቱን እያየ የሚያመሳክር ሰው አጠራጣሪውን ሁሉ ለማሽኑ ይፈርድለታል። ከዚያ ሁለቱን ፋይል ሳጥን በሳጥን አወዳድሩ፤ 120 ሳጥን ነው። ልዩነት ከተገኘ በየአቅጣጫው ለየብቻ ይቆጠር። ምልክት ያለበት ባዶ ተብሎ ከሆነ የታችኛው መስመር ከፍ ብሏል ወይም ደብዛዛ እርሳስ ጠፍቷል፤ ባዶው ምልክት አለበት ተብሎ ከሆነ ደግሞ ጭራ፣ ጉድፍ ወይም ያልገጠመ ገጽ ነው። ሁለቱን ደምሮ «ስሕተቱ ይህን ያህል ነው» ማለት የትኛውን እንደምታስተካክሉ አይነግራችሁም።

በ120ው ሳጥን ላይ አንድም ልዩነት ባይገኝስ? ስሕተት የለም ማለት አይደለም። የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ ሦስትን ለታየው ብዛት ማካፈል። 3 ለ120፣ 2.5 በመቶ ይሆናል፤ እውነተኛው የስሕተት መጠን ከዚህ በላይ እንደማይሆን በ95 በመቶ እምነት መናገር ይቻላል። ከ1,200ው ላይ እስከ ሠላሳ ሳጥን ሊሳሳት ይችላል እንደማለት ነው። ለአንዳንድ ሥራ በቂ ነው። ካልበቃ ስድሳ ቅጽ ይታይ፤ ያለ ልዩነት ካለፈ ጣሪያው ከአንድ በመቶ በታች ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ቅጹ ሁለት መቶ ብቻ ሆኖ ስድስት ሳጥን ብቻ ካለው ሁለት ሰው ለየብቻ በእጅ አስገብቶ ማወዳደር ይህን ሁሉ ከማዘጋጀት ይፈጥናል። ምሳሌውን ያሳነስኩት ቁጥሮቹ በዓይን እንዲታዩ ነው። ፕሮግራሙ ድካሙን የሚከፍለው ቅጹ በሺህ ሲቆጠር፣ ወይም በአንድ ቅጽ ላይ ስልሳና ሰባ ሳጥን ሲኖር ነው። የኮዶቹ ጉዳይ ግን በእጅ ለሚያስገባም ያው ነው፤ ባዶ ሲያይ 0 የሚጽፍ ጸሐፊ ልክ እንደ ማሽኑ ያጠፋል።

የመጨረሻው ነገር አቀማመጥ ነው። ከውጤቱ ሠንጠረዥ ጎን ሌላ ረጅም ሠንጠረዥ ይኑር፤ አንድ ረድፍ ለአንድ ሳጥን፣ 1,200 ረድፍ። በውስጡ የቅጹ ቁጥር፣ የሳጥኑ ስም፣ የቀለም ድርሻው፣ ውሳኔው፣ ውሳኔውን የሰጠው ማሽን ይሁን ሰው ይገባል። ነገ ድንበሩን ከ4 ወደ 3 በመቶ መለወጥ ቢያስፈልግ ምስሎቹን መልሶ መክፈት አይኖርም፤ ውሳኔው ከቀለም ድርሻው ዓምድ ላይ እንደገና ይሰላል። ሲሰላ ግን «ሰው» የሚል የተጻፈባቸውን ረድፎች እንዲዘል ፕሮግራሙ ይታዘዝ፤ አለበለዚያ በዓይን ታይቶ 0 የተባለው የ021 መልስ ተመልሶ -8 ይሆናል።